ቀለምወርቅና የሙልቅኛዋ «ዶ»

ቀለምወርቅ መላኩን የማያውቅ የጂግጂጋ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው። የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴው የመላኩ ልጅ ናት። አባቷ ከሸዋ መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፈተና እዚሁ ሸበተ። እሷ ደግሞ እዚሁ ተወልዳ ሶማልኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር አቧራ ላይ እየተንከባለለች ለቀመችው። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የጨመረላትን እኔ ብዙም አላደንቅም። እኔ ደብተር የሚባል ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ግን በአራት ቋንቋ ተከራክሬ በአራቱም ረትቻለሁ። ሰው ቋንቋ የሚያውቀው ሲቸግረው ነው። ይሄን አንድ ጊዜ ለአንድ ዶክተር ነግሬው ቁጭ ብሎ ጽፎታል።

የቀለምወርቅ ሥራ ሊጠፋ የደረሰ ቋንቋ መልቀም ነው። ገበያ ውስጥ ሴቶቹ «የመላኩ ልጅ ምንድነው የምትነግደው?» ሲባባሉ መልሱ «ወሬ» ነበር። አልተሳሳቱም። መቅጃዋን ይዛ ትሄዳለች፣ አንድ ሽማግሌ ፊት ትቀመጣለች፣ «በእናንተ አፍ ውሃ ምን ይባላል?» ትላለች፣ ይነግሯታል፣ ትጽፋለች። «ሰውየው ውሃ ጠጣ፣ ምን ይባላል?» ትላለች፣ እሱንም ይነግሯታል። ደመወዝ የሚቆረጥላት ለዚህ ነው። የእኔ እናት ይሄን ሥራ በነፃ ስትሠራ ነው የሞተችው።

በ2011 ዓመተ ምህረት ኤረር ወረደች። ኤረር ከድሬዳዋ አልፎ ያለች፣ ሙቀቷ የሰው ልብ የሚያቀልጥ ከተማ ናት። ፍል ውሃ አላት። አስቡት፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ላይ እግዜር የፈላ ውሃ ጨመረላት። አንድ ጊዜ ለወገቤ ብዬ ሄጄ ገብቼበት ወገቤ ዳነ፣ ጉልበቴ ታመመ። እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ ሙልቆች የሚባሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። አባት ከአያት የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ናቸው። ከሲቲ ዞን እስከ አውበሬ ድረስ አርብቶ አደሩ እነሱን እየጠራ ነበር ከብቱን የሚያጠጣው። መሬት ውስጥ ሃያ ክንድ ወርደው በራሳቸው ቋንቋ እየተጣሩ ይቆፍራሉ። ኋላ የመቆፈሪያ መኪና መጣ። ሥራው ሲቀር ቋንቋውም ምን ልሥራ ብሎ ይቀመጣል? ልጆቹ ሶማልኛ ገቡ። ቀለምወርቅ ስትደርስ ሙልቅኛ አሳምረው የሚናገሩ አራት ሰዎች ቀርተው ነበር። አንዱ ጅቡቲ ነው። አንዱ ጆሮው ስለደነቆረ ይናገራል እንጂ አይሰማም። አንዱ ምርቃና ላይ ካልሆነ አይናገርም፣ ሲመረቅን ደግሞ የሚናገረው ስለ ፖለቲካ ነው። አራተኛዋ ኻድራ ናት።

ኻድራ ሰባ ያለፋት፣ ባሏም አባቷም ቆፋሪ የነበሩ ሴት ናት። ወጣት ሳለች ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ አፈሩን በገመድ ትጎትት ነበር። ቀለምወርቅ «አያዮ» ትላታለች፣ አያቴ እንደማለት ነው በሶማልኛ። ኻድራ ደግሞ ስትደሰትባት «ልጄ»፣ ስትሰለቻት «አንቺ ገበር» ትላታለች፣ አንቺ ልጃገረድ እንደማለት። ቀለምወርቅ ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሁለቱ የሚነጋገሩት በሶማልኛ ነው፣ ጽሑፉ ነው በአማርኛ የሚሆነው።

አራት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ቀለምወርቅ ስላለፈ ነገር ብቻ ስድስት መቶ ዓረፍተ ነገር ሰበሰበች። ከሁሉ ቀድሞ የገባት ነገር ያለፈው ጊዜ ነው። ያለፈ ነገር በጠየቀች ቁጥር ግሡ መጨረሻ ላይ «ዶ» ትመጣለች። ቆፈረ፣ «ኮሴዶ»። ጠጣ፣ «ሪሜዶ»። ወደቀ፣ «ለጌዶ»። ስለዚህ ጻፈች፦ በሙልቅኛ ያለፈ ጊዜ የሚነገረው «ዶ»ን በመጨመር ነው። ከስድስት መቶው ውስጥ አስራ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ዶ» ጠፍታለች። ለእነሱም ቦታ አገኘችላቸው፦ ተናጋሪዋ ስትፈጥን ትውጣታለች። ይሄን አንድ ጉባኤ ላይ አዲስ አበባ አቀረበች፣ አጨበጨቡላት።

ከዚያ መጽሐፍ ይሠራ ተባለ። ጂግጂጋ ያለ አንድ የቋንቋና የባህል ጽሕፈት ቤት በጀት አገኘ። ኃላፊው አቶ ጁነይድ ይባላል፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰው የማይቀየም፣ ወረቀት ግን የሚፈራ ሰው። «ለልጆች የሚሆን የማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጂ» አላት። አዘጋጀች። ሃያ አራት ገጽ፣ ሥዕል ያለው፣ በላቲን ፊደል፣ ሶማልኛው በሚጻፍበት። «ዒፍራህ ትምህርት ቤት ሄደች።» «ፋሩቅ ወተት ጠጣ።» «እናታችን ወንድ ልጅ ወለደች።» ሁሉም በ«ዶ»። ከመታተሙ በፊት አንድ በአንድ ለኻድራ አነበበችላት። ኻድራ እያንዳንዱን ሰምታ «ልክ ነው» አለች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ይሄ ለልጅ ነው አልሽኝ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ቀለምወርቅ «አዎ አያዮ» አለች። ኻድራ «እሺ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» አለችና ዝም አለች። አምስት መቶ ቅጂ ታተመ።

እዚህ ድረስ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር።

በ2015 ግንቦት፣ መጽሐፉ ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ኤረር አጠገብ ያለው የውሃ ሞተር ከተበላሸ ሁለት ወር ሞልቶት ነበር። ጉሌድ የሚባል የኻድራ ወንድም ልጅ አለ፤ ባጃጅ ነጂ ነው። የአያቱን የተደፈነ ጉድጓድ ከፍቼ እቆፍረዋለሁ ብሎ ተነሳ። ባጃጅ የሚነዳ እጅ ምን ይቆፍራል ብለው ሳቁበት። ሰባት ቀን ቆፈረ። ኻድራ ከላይ ተቀምጣ ትሳደባለች፣ ቀለምወርቅ አጠገቧ ተቀምጣ ስድቡን ትቀዳለች። እንዲህ ያለ ቀረጻ በገንዘብ አይገኝም።

በስምንተኛው ቀን ውሃ ወጣ። ጉሌድ ጭቃ ለብሶ ወጣና አክስቱን አያት። በሶማሌ የአባት እህት «ኤዶ» ትባላለች።

«ኤዶ፣ ወጣ» አላት።

ኻድራ ወደ ውስጥ አጎንብሳ አየችና «ጉሌድ ኮሴዶ» አለች።

ቀለምወርቅ ጻፈች፦ ጉሌድ ቆፈረ።

በማግስቱ ጠዋት ከሩቅ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ሦስት ግመል እየነዳ አለፈ። ጉሌድ ቀዳለት። አንዱ ግመል ጠጣ፣ ሁለተኛው ጠጣ፣ ሦስተኛው አሽትቶ አሰበበትና ጠጣ። ሰውየው ራሱም በእጁ ጨልፎ ጠጥቶ ጢሙን ጠረገና መንገዱን ቀጠለ። ኻድራ ከኋላው እያየች፣

«ጉሌድ ኮሴ» አለች።

ቀለምወርቅ ቀና አለች። «አያዮ፣ ዶን ዋጥሻት።»

«ምን ዋጥኩ?»

«ትናንት ኮሴዶ ነው ያልሽው። ዛሬ ኮሴ አልሽ።»

«ትናንት ግመል ጠጥቶ ነበር?»

«አልጠጣም።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል?»

ቀለምወርቅ ዝም አለች። የተማረ ሰው ዝም ሲል ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ንቆሃል ወይ ደንግጧል። እሷ ደንግጣ ነው። ቁፋሮው ያው ቁፋሮ ነው፣ ያው ትናንት ያለቀ ነው። «ዶ» ያለፈ ጊዜ ከሆነች ሌሊቱን ወዴት ትሄዳለች? አንድ ያለፈ ነገር አድሮ ያለፈነቱን ሊተው አይችልም።

የዚያን ቀን ኻድራን ምሳ እስኪደርስ አስቀምጣ ፈተነቻት። የቋንቋ ሰዎች እንዲህ ሲጠራጠሩ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብለው አይጠይቁም። ሰው የራሱን ቋንቋ ትርጉም ሲጠየቅ ይዋሻል፤ ሳያውቀው ነው የሚዋሸው። የሚያደርጉት ሌላ ነው። እነሱ ራሳቸው ዓረፍተ ነገር ይሠሩና «ይሄ ይባላል?» ይላሉ። ሰውየው ከሳቀ ወይ ከተቆጣ፣ ያኔ አንድ ነገር ተያዘ ማለት ነው።

«ጉሌድ ኮሴዶ፣ ውሃ ወጣ፣ ግመሎቹ ጠጡ። ይባላል?»

«ልጁ ምን በደለሽ?» አለች ኻድራ። «ግመሎቹ ከጠጡ ለምን ዶ ትይበታለሽ?»

«እሺ። ጉሌድ ኮሴ፣ ውሃ ግን አልወጣም።»

«ይሄን የሚል ቆፋሪ ሁለተኛ የሚቀጥረው አያገኝም። ውሸታም ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሙልቆች የሥራ ሕግ አላቸው። ቆፋሪ ውሃው ወጥቶ እንኳ «ቆፈርኩ» አይልም። እሱም ቤተሰቡም ያልሆነ ሰው፣ ወይ የሌላ ሰው ከብት፣ ጠጥቶ ካልሄደ በ«ዶ» ይናገራል። ውሃ ወጥቶ መራራ ይሆናል፤ ወጥቶ በሦስተኛው ቀን ይጠፋል፤ ግድግዳው ይናዳል። ቀድሞ «ኮሴ» ያለ ቆፋሪ ስሙ እስከ አውበሬ ይጠፋል። ቋንቋቸው በዚህ ሕግ ላይ ነው የቆመው። «ዶ» ካለ፣ ድርጊቱ ተደርጓል፣ የሚጠበቀው ነገር ግን አልመጣም ወይም መጥቶ አልቆየም። «ዶ» ከሌለ፣ ተናጋሪው ምላሱን ይዞ እየማለ ነው፦ መጥቷል፣ አለ፣ አይቻለሁ። መሀል ቤት የለም። እኛ በአማርኛ «ቆፈረ» ብለን እንሄዳለን፣ ውሃ ይውጣ አይውጣ የሰሚው ጉዳይ ነው። ሙልቅ እንዲህ ብሎ መሄድ አይችልም። አፉን በከፈተ ቁጥር ይጠየቃል።

ቀለምወርቅ አልተኛችም፣ ማለቴ ሥራው አልተኛም። በማግስቱም ቀጠለች። «ነገ ይመጣል» የሚለው ላይ «ዶ» ይገባል ወይ? ይገባል። ይመጣል ግን የሚፈልገውን አያገኝም፣ ገበያው ዝግ ነው። «ጉልበታም ነው» ላይስ? ይገባል፤ ጉልበት አለው፣ ድንጋይ አያነሳም። እንግዲያ ያለፈ ጊዜ የሚባለው ነገር አበቃለት።

«በከንቱ» ብዬ ልተርጉመው አለች። በከንቱ ቆፈረ፣ ያምራል። ከዚያ ኻድራ ስለ ጅብ አወራች።

«ጅብ መጣዶ» አለች፣ ግሡን በሙልቅኛ፣ የቀረውን በሶማልኛ፤ ግሡን እኔ ወደ አማርኛ መለስኩላችሁ፣ ዶዋን ግን አልነካኋትም።

«ምን አደረገ?»

«ምንም። ፍየሎቹን አይቶ ሄደ።»

«በከንቱ መጣ» ተብሎ ለጅብ አይታዘንለትም። ልጅ ከግድግዳ ላይ ሊወድቅ ሲል ቢያዝም «ለጌዶ» ነው፤ ወደቀ፣ ግን ውድቀቱ አልሆነም። ስለዚህ «ዶ» ኀዘን አይደለችም። ደግም ይቅር ክፉም ይቅር፣ የሚጠበቀው ከቀረ «ዶ» ነው።

«ነበር» ብላ ሞከረች። አማርኛችን እዚህ ላይ ቀረብ ይላል፣ አልዋሽም። «ሊወድቅ ነበር» ስንል አልወደቀም። «መጥቶ ነበር» ስንል ሄዷል ማለት ይመስላል። ግን «መጥቶ ነበር፣ አሁንም አለ» ብትል ማንም አይከስህም። በ«ዶ» እንዲህ ብትል ኻድራ ዱላ ታነሳለች። «ነበር» ደግሞ ለነገ አይሆንም። «ግን»ም አልሆነም፤ ግን ብሎ የሚቀጥል ነገር ይፈልጋል፣ «ዶ» ራሷ ጨርሳ ትቀመጣለች። አማርኛው አለቀ። ሶማልኛውም ቀደም ብሎ አልቆ ነበር።

ከዚያ ወደ አስራ አንዱ ተመለሰች፣ «ስትፈጥን ትውጣታለች» ብላ ወደጣለቻቸው። አወጣቻቸው። አራቱ ኻድራ አይታቸው ዛሬም ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ሰባቱ ግን አንድ ግሥ ናቸው፦ ሞተ። ባሌ ሞተ፣ አባቴ ሞተ፣ ሁለቱ ልጆቼ ሞቱ። ኻድራ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «ሞተዶ» ብላ አታውቅም። የሞተ ሰው ሞቱ ቆይቶለታል። በጉባኤ ላይ ግን ኻድራ ባሏን ስትቀብር ቸኩላ ነው ተብሎ ነበር።

«አያዮ፣ ሞተዶ ይባላል?» ብላ ጠየቀቻት።

«አንድ ሰው ላይ ብቻ ሰምቻለሁ» አለች ኻድራ። «ከፈኑት፣ ሊያወጡት ሲሉ ውሃ ለመነ። እስኪያረጅ ድረስ ሰው በሄደበት ‹እሱ የሞተዶው› ይለው ነበር። ሚስቱ እንኳ ሌላውን ስሙን ረስታው ነበር።»

የቀሩት አምስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ሁለት ዓይነት ናቸው። ግማሹ ቀለምወርቅ ከራሷ የፈጠረችው ነው፣ «ሰውየው ውሃ ጠጣ» ዓይነት። የትኛው ሰውዬ? ማን አየው? ማንም ያላየውን ኻድራ ልትምልበት አትችልም፣ ስለዚህ «ዶ»። ሌላው ግማሽ የኻድራ ሕይወት ነው። ባሌ ትልቁን ጉድጓድ ቆፈረ፤ ተንዷል። ከብት ገዛን፤ ድርቅ ወሰደው። ድሬዳዋ ቤት ሠራን፤ የለም። ሁሉም በእውነት «ዶ» ነው። ቀለምወርቅ የሴትዮዋን ኑሮ ሰምታ ያለፈ ጊዜ ነው ብላ ጻፈች። እሷ ብቻም አይደለችም የምትሳሳተው፣ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

ኻድራ ነገሩ ቀለምወርቅን እንደከበዳት ስታይ ልታጫውታት ፈለገች። «የአባትሽን ሱቅ በዚያ በ2010ሩ የጂግጂጋ ረብሻ ዘረፉት አላልሽኝም? ያኔ ‹ሱቅ ከፈተዶ› ነበር የሚባለው።»

«ጎረቤታችን ማሃሙድ ጓሮው ውስጥ ደብቆን ነው የተረፍነው። አባዬ በዓመቱ መልሶ ከፈተው።»

«እሱ የማያውቀው፣ መጥቶ የሚገዛ ሰው አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያ ከፈተ» አለች ኻድራ፣ ያለ ዶ። የመላኩ ሱቅ በሙልቅኛ የጸናው ያን ቀን ነው። መላኩ ይሄን ሲሰማ «ታዲያ የንግድ ፈቃዱ ላይ ይጻፉልኝ» አለ።

እየሳቀች ሳለ ነው ቀለምወርቅ መጽሐፉ ትዝ ያላት።

አምስት መቶ ቅጂ። ዒፍራህ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ምንም ሳትማር ተመለሰች። ፋሩቅ ወተት ጠጣ፣ ወተቱ አልተስማማውም። እናታችን ወንድ ልጅ ወለደች፣ አላደገም። ከሥሩ ደግሞ የሚስቅ ሕፃን ሥዕል። ሃያ አራት ገጽ ሙሉ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ ምንም ያልተሳካበት መንደር።

«አያዮ፣ ሳነብልሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ልክ ነዋ። ዒፍራህ የምትባል ልጅ እዚህ የለችም። በሙልቅኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም የለም። ያልሆነ ነገር ነው የጻፍሽው፣ ዶ ብለሽ ጻፍሽው። አንድም ውሸት አላገኘሁበትም።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «ለልጅ ትንሽ ይከብዳል ብዬ ነበር። ግን የመንግሥት መጽሐፍ እንዲህ ይሆናል አልኩ።»

«ዶዎቹን ሁሉ ላጥፋቸው?»

«አጥፊና ውሸታም ሁኚ። ያኔ እኔ የለሁበትም።»

ወዲህ ብትሄድ ልጆቹ ቋንቋቸውን በተስፋ መቁረጥ ይጀምሩታል፣ ያለፈ ጊዜ ነው ብለው። ወዲያ ብትሄድ ኻድራ ያላየችውን እንድትምል ታደርጋለች። መጽሐፉን ማዳን የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በእውነት የሆነ፣ ሰው ያየው ነገር ሰብስቦ እንደ አዲስ በመጻፍ። ያ ደግሞ አንድ ዓመት ነው።

ጂግጂጋ ሄዳ ጁነይድ ቢሮ ገባች። አስረዳችው። አንድ ሰዓት ፈጀባት፤ እኔ በአምስት ደቂቃ አስረዳው ነበር። ጁነይድ በትዕግሥት ሰማት።

«ይሄ ዶ የሚባለው ስንት ፊደል ነው?» አለ።

«በላቲን ሁለት።»

«በሁለት ፊደል ነው ምረቃ የምታስቀሪው? እንግዳ ተጠርቷል፣ ድንኳን ተይዟል፣ በጀቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል።»

«ትርጉሙ ተገልብጧል እኮ፣ አቶ ጁነይድ።»

«ቋንቋውን የሚያውቁት ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«ከአራቱ ማንበብ የሚችል?»

«የለም።»

«እህቴ» አለ ጁነይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ በሃያ ዓመት ሥራዬ ማንም የማያየው ስህተት አግኝቼ አላውቅም ነበር። አንቺ አገኘሽ። እግዜር የሰጠሽን አትመልሺ። ሁለተኛውን መጽሐፍ አንቺው ትሠሪዋለሽ፣ እዚያ ላይ ታስተካክይዋለሽ። አሁን ዝም በይ።»

ክፉ ሰው አይደለም አልኳችሁ። ያቀረበላት ነገርም ቀላል አይደለም፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ሁለት ዓመት ሥራ ነው፣ የፕሮጀክቱ አስተባባሪነትም አብሮ ነው። ቀለምወርቅ «እሺ» ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላታል፣ አሜን ትላለች።

የምረቃው ቀን ኤረር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። የክብር እንግዳው ከክልል መጣ። ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደረደረ፣ ጥላው ሥር ላሉት ብቻ። አስር ልጆች ተሰልፈው በዜማ አነበቡ፦ ዒፍራህ እንዲህ ሆነችዶ፣ ፋሩቅ እንዲህ ሆነዶ። እንግዳው በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ያ ጆሮው የደነቆረው ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ከሁሉም በላይ ፈገግ ይላል። ኻድራ ራሷ ላይ አዲስ ጉፍታ አስራ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሰማው።

እንግዳው «የቋንቋው ባለቤት የሆኑት እናታችን በራሳቸው ቋንቋ አንድ ቃል ይበሉን፣ ባለሙያዋ በአማርኛ ትተርጉምልን» አለ። ድምፅ ማጉያው ኻድራ እጅ ገባ። አገላብጣ አየችው።

«ኪታብ ቱሌዶ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረች። ድምፅ ማጉያውን ለቀለምወርቅ አቀበለቻት።

ኪታብ መጽሐፍ ነው። ቱሌ ተሠራ ማለት ነው። የቀረችውን ታውቋታላችሁ።

ጁነይድ ከመጀመሪያው ረድፍ ያያታል። ቀለምወርቅ አፏን ከፈተች። «መጽሐፉ…» አለች። «ተሠራ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እሱን ብላ ብትቀመጥ ጭብጨባ፣ ምሳ፣ ሁለተኛው መጽሐፍ። ቆመች። ሰው ማጉያው የተበላሸ መስሎት አንዱ ገመዱን ነካካ።

«መጽሐፉ ተሠርቷል፣» አለች፣ «ያሉት ግን እሱን አይደለም። ያሉት፣ ተሠራ፣ ሊሆንለት የታሰበው ግን አልሆነም ነው። ይሄን በአማርኛ በአንድ ቃል ማለት አልችልም። እሳቸው በሁለት ፊደል ነው ያሉት። እነዚያ ሁለት ፊደሎች እያንዳንዱ ገጽ ላይ አሉ፣ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፣ ምን እንደሆኑ ሳላውቅ።» ከዚያ ቀጠለች። ስለ ጉሌድ ጉድጓድ፣ ስለ ግመሎቹ፣ ስለ ጅቡ፣ ስለ ሰባቱ ሙታን ተናገረች። ሩብ ሰዓት ያህል። ልጆቹ አሁን ያነበቡት ምን እንደሆነ ተረጎመች፤ ሳይማሩ የተመለሱትን፣ ያላደገውን ሕፃን።

ጨርሳ ስትቀመጥ እንግዳው ተነሳ። በጣም ተደስቷል። «ይሄ የቋንቋችንን ጥልቀት ያሳያል» አለ፣ «መጽሐፉ መመረቁን አበስራለሁ።» ሪባኑ ተቆረጠ። አጨበጨቡ። የደነቆረው ሽማግሌ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ማታ በሬዲዮ የማንበቢያ መጽሐፍ ተመረቀ ተባለ።

ጁነይድ ግን ሰምቷል። የሰማው እሱ ብቻ ነው፣ ለዚያም ነው የተቀየመው። ሁለተኛው መጽሐፍ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ኤረርን በካርታ የሚያውቅ፣ ሙልቅኛን ከቀለምወርቅ የጉባኤ ጽሑፍ ያጠና ወጣት ነው። ያለፈ ጊዜው ላይ በጣም ጎበዝ ነው ይላሉ። አምስት መቶው መጽሐፍ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር አለ። ቀለምወርቅ እስከ ዛሬ በወር ሁለት ጊዜ በራሷ ኪስ ኤረር ትወርዳለች፣ በእውነት የሆነ ነገር ፍለጋ። አንድ ሰው የቤቱን ጣሪያ መታ ሲባል ዝናብ እስኪዘንብ ጠብቃ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ሄዳ ታያለች። መላኩ «ቆርቆሮ የሸጥኩለትን ሰው ሁሉ እየዞረች ታንኳኳለች» ይላል።

የምረቃው ዕለት ግን፣ ከምሳው በኋላ፣ እንግዳውና መኪኖቹ ሄደው ድንኳኑ ሲፈታ፣ ኻድራና ቀለምወርቅ የጉሌድ ጉድጓድ አጠገብ ግራር ሥር ተቀምጠው ነበር። ቀለምወርቅ አዲስ ደብተር አወጣች። እንደ ልማዷ ገጹን ለሁለት ከፈለችው፤ በግራ ሙልቅኛ፣ በቀኝ አማርኛ።

«ከእንግዲህ እኔ አልፈጥርም» አለች። «አንቺ ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

«ዛሬ ያየሁትን?»

«ዛሬ ያየሽውን።»

ኻድራ ጉፍታዋን አስተካከለች።

«ጻፊ እንግዲያ» አለች። «ቀለምወርቅ ሂኔዶ።»

ሂኔ ዋሸ፣ ዋሸች ነው። ቀለምወርቅ መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። ግሡን አየችው። መጨረሻውን አየችው። ድንኳኑ ውስጥ አፏን ከፍታ «መጽሐፉ» ብላ የቆመችበትን ትንሽ ጊዜ አሰበች።

«አይተሽኝ ነበር?» አለቻት።

«ውሸቱ ከአፍሽ ሊወጣ ሲል አየሁት» አለች ኻድራ። «አልወጣም።»

ቀለምወርቅ በግራ በኩል ጻፈችው፣ ከነ«ዶ»ው። ወደ ቀኙ ስትመጣ እስክሪብቶዋን ይዛ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ እስክሪብቶዋን ዘጋችና የአማርኛውን ቦታ ባዶውን ተወችው።